ከአይጧ በኋላ መርዙ የት ይሄዳል?

ጠዋት ግቢዎ ውስጥ የሞተች አይጥ ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ? አብዛኞቻችን ጅራቷን በፌስታል ይዘን፣ ፊታችንን አዙረን፣ በአጥሩ ላይ ወደ መንገድ እንወረውራታለን። ከዚያ መኪና ይደፈጥጣታል፣ ወይ ውሻ ያነሳታል፣ ወይ ጭልፊት ከላይ ወርዳ ትነጥቃታለች። እኛ ነገሩ አለቀ ብለን እጃችንን ታጥበን ቁርስ እንቀርባለን። አይጧ የሞተችው በመርዝ ከሆነ ግን ነገሩ አላለቀም፤ መርዙ አሁንም ሆዷና ጉበቷ ውስጥ አለ።

ይህ መመሪያ ቤቱ አይጥ ለገባበት፣ መርዝ ሊገዛ ለተነሳ ወይም ገዝቶ ከቁም ሳጥን ጀርባ ለበተነ ሰው የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ፣ የያዙት መርዝ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

«የአይጥ መርዝ» የሚባል አንድ ነገር የለም። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሚገድሉበት መንገድም ሆነ የሚያስከትሉት አደጋ ለየቅል ነው። ሁለቱን አለመለየት ልጅ ሲታመም ለሐኪሙ የሚነግሩት እንዲጠፋዎት ያደርጋል።

አንደኛው ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ጠቆር ያለ ግራጫ ዱቄት ሲሆን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሰው ከዳቦ፣ ከሥጋ ወይም ከዓሣ ጋር ለውሶ ያስቀምጠዋል። ዱቄቱ ጨጓራ ውስጥ ከእርጥበትና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይፈጥራል፤ የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው። አይጥ ማስመለስ ስለማትችል አንዴ ከዋጠችው መውጫ የላትም። ሥራው ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታያል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም።

ሁለተኛው ደምን እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ያለው፣ ሳሙና የሚመስል ቁራሽ ወይም የተቀለመ እህል ሆኖ ይመጣል። በማሸጊያው ላይ ብሮዲፋኮም፣ ብሮማዲዮሎን፣ ዲፌናኮም ወይም ዲፌቲያሎን የሚል ስም ይፈልጉ። ቀለሙን አይመኑ፤ ቀለም የፋብሪካው ምርጫ እንጂ የመርዙ መለያ አይደለም። ይህ መርዝ ጉበት በቫይታሚን ኬ አማካይነት የሚያዘጋጃቸውን ደም አርጊ ነገሮች ያቋርጣል። ቀድሞ የተዘጋጁት እስኪያልቁ ድረስ ግን እንስሳው ደህና ይመስላል። ስለዚህ ሞቱ ከ3 እስከ 7 ቀን ይዘገያል። ማርከሻ አለው፤ ቫይታሚን ኬ1 ይባላል።

ስሙም መግለጫውም በሌለው ከረጢት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ዱቄት ካጋጠመዎት አይግዙ። «ርካሽነቱን አይቼ ገዛሁት፣ ምን እንደሆነ አላውቅም» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ልጁ ቢቀምሰው ግን ሐኪም ቤት ገብቶ የሚናገረው አንድም ቃል አይኖረውም።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ባወጣው ውሳኔ ምክንያት ብሮዲፋኮምና ዘመዶቹ ከተራ የቤት ውስጥ ሽያጭ እየወጡ ሄደዋል፤ ካሊፎርኒያም ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ አጠቃቀማቸውን ይበልጥ አጥብባለች። ሆኖም በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ቦታቸውን ከያዙት አንዱ ብሮሜታሊን ነው። እሱ ነርቭን የሚመታ እንጂ ደምን የሚያቀጥን አይደለም፤ ማርከሻም የለውም፤ ቫይታሚን ኬ ምንም አይሠራለትም። «አዲሱ ነው፣ ይሻላል» ብላችሁ አትዘናጉ።

የአንዲት አይጥ ሒሳብ

ቀለም ያለው ቁራሽ ለምን ከአይጧ አልፎ እንደሚሄድ ለማየት አንዲት 250 ግራም የምትመዝን ትልቅ አይጥ እንውሰድ። በቁራሹ ውስጥ ያለው ብሮዲፋኮም እጅግ ጥቂት ነው፤ በተለመደው ዓይነት በአንድ ኪሎ መብል ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይህችን አይጥ ለመግደል 0.07 ሚሊ ግራም ገደማ ይበቃል፤ ማለትም 1 ግራም ተኩል የሚያህል መብል። ጥርሷን ሁለት ሦስቴ ብታሳርፍበት አለቀላት።

ችግሩ አይጧ ማለቁን አለማወቋ ነው። መርዙ ለቀናት ምንም ስለማያሳምማት በዚያው ሌሊት 20 ግራም ልትበላ ትችላለች፤ ይህ ሊገድላት ከሚበቃው 14 እጥፍ ያህል ነው። በማግስቱም ትመለሳለች፣ በሦስተኛውም። ከፊሉ በዓይነ ምድሯ ይወጣል፤ ከፊሉ ግን ጉበቷ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ብሮዲፋኮም ከጉበት የሚለቀው በሳምንት አይደለም፣ ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ አይጧ ስትሞት ራሷን ለመግደል ከሚያስፈልጋት እጅግ የበለጠ መርዝ ተሸክማ ነው።

በመሞቻዋ ሰሞን ደግሞ ጠባይዋ ይለወጣል። ደሟ ወደ ውስጥ ሲፈስ ትደክማለች፤ በሌሊት ግድግዳ ተጠግታ ስትሮጥ የነበረችው በጠራራ ፀሐይ ግቢው መሐል ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ሰው ሲመጣ አትሸሽም። ለድመት፣ ለውሻ፣ ለጭልፊትና ለጉጉት ከዚህ የቀለለ ምግብ የለም። አዳኝ አውሬ ደካማዋን መምረጡ ተፈጥሮው ነውና ከጤነኛዋ ይልቅ መርዙን የያዘችውን አይጥ ይበላል።

ጉጉት ላይ ነገሩ የሚብሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ትንንሽ አይጦችን ሳትመርጥ ከነጉበታቸው፣ ከነሆድ ዕቃቸው ሙሉውን ትውጣለች። ሁለተኛ፣ አንዲት አይጥ ባትገድላት እንኳ በየሌሊቱ ሦስት አራት ትበላለችና መርዙ በጉበቷ ላይ ይደራረባል። እ.ኤ.አ. በ1980 በታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ በብሮዲፋኮም የሞቱ አይጦችን እንዲበሉ ከተደረጉ 6 የጎተራ ጉጉቶች 5ቱ ሞተዋል።

ከቤተ ሙከራ ውጭም ታይቷል። ፍላኮ የተባለው ትልቅ ጉጉት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ከኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የእንስሳት ማቆያ ሰው አጥሩን ቆርጦለት ወጣ፤ አንድ ዓመት ሙሉ በማንሃተን ፎቆች መካከል አይጥና እርግብ እያደነ ኖረ። ሰዎች ከፎቅ መስኮታቸው ፎቶ ያነሱት ነበር። በየካቲት 2024 ወድቆ ተገኝቶ ሞተ። ሬሳው ሲመረመር ከእርግብ የሚተላለፍ ከባድ የቫይረስ በሽታና ደምን የሚያቀጥኑ አራት ዓይነት የአይጥ መርዞች በአንድነት ተገኙበት። አራት ዓይነት ማለት አንድ ሰው አንድ ቦታ ያስቀመጠው ቁራሽ አይደለም፤ በተለያዩ ሕንፃዎች የተለያዩ ሰዎች ያስቀመጡት አንድ ጉበት ላይ ተገናኝቷል ማለት ነው።

ዚንክ ፎስፋይድ እንዲህ በሥጋ ውስጥ አይከማችም። ነገር ግን ሬሳው ሆድ ውስጥ ያልተፈጨ ዱቄት ከቀረ ሬሳውን የበላ ውሻ ወይም ድመት ሊመረዝ ይችላል። እንግዲህ በጥቅሉ፣ ዱቄቱ ለልጅ አፍና ለቀማሽ ውሻ የባሰ ነው፤ ቁራሹ ደግሞ ለጉጉቷና ለድመቷ። ከሁለቱ «ደህናውን» ምረጥ ብትሉኝ መልስ የለኝም።

ልጅ ቀምሶ ቢገኝ

መጀመሪያ በአፉ ውስጥ የቀረውን በጣትዎ በጨርቅ ጠርገው ያውጡ፣ አፉን በውኃ ያጉመጥምጡት፣ እጁንም ያጥቡ። ጣት አስገብተው አያስመልሱት። ወተት፣ ጨው የበዛበት ውኃ፣ ዘይት ወይም እንቁላል አያጠጡት። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው እምነት በየቤቱ አለ፤ ለእነዚህ መርዞች ግን ወተት ምንም አይሠራም፣ የሚያደርገው ጊዜ መፍጀት ነው።

ማሸጊያውን፣ የተረፈውን ቁራሽ ወይም የተለወሰውን ዳቦ በፌስታል ቋጥረው ይያዙና ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አሜሪካ የምትኖሩ በ1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከሉን ሌትም ቀንም መደወል ትችላላችሁ፤ ክፍያ የለውም። ለሐኪሙ የሚነግሩት ሦስት ነገር ነው፦ የመርዙ ስም፣ ምን ያህል ጎድሎ እንዳገኙት፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ።

ዱቄቱ ከሆነ ደቂቃም አያባክኑ። ልጁ ቢያስመልስ መስኮትና በር ይክፈቱ፤ ከትውከቱ የሚወጣው ጋዝ አጠገቡ ያለውንም ሰው ይጎዳል። በመኪና ሲወስዱትም መስኮቱን ዝቅ አድርገው ይሂዱ።

ቀለም ያለው ቁራሽ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንዴ ጥርሱን ያሳረፈ ልጅ ብዙውን ጊዜ ደም እስከ መፍሰስ የሚያደርስ መጠን አይወስድም፤ ቢሆንም ይህን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ ቤት ያለው ሰው አይደለም። አሳሳቹ ነገር የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ነው። በዚያው ቀን የሚወሰደው ደም «የመርጋት ጊዜው ደህና ነው» ቢል ምንም ማለት አይደለም፤ ቀድሞ የተዘጋጁት ደም አርጊዎች ገና አላለቁም። ትርጉም ያለው ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት በኋላ የሚደረገው ነው። ስለዚህ «ደህና ነው ተባልን» ብለው ቀጠሮውን አይተዉ። በእነዚያ ቀናት የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ያልተመታበት ቦታ ላይ ሰማያዊ ብልዝ፣ የጠቆረ ዓይነ ምድር ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ።

ውሻና ድመት ላይ

ውሻ መርዙን ራሱን በልቶ ወይም የሞተች አይጥ በልቶ ሊመረዝ ይችላል። አንዳንድ ቁራሾች ልጅ እንዲተፋቸው መራራ ነገር ይደባለቅባቸዋል፤ ውሻ ግን ምሬቱን ሳያጣጥም ይውጠዋልና አያድነውም።

በቁራሹ የተመረዘ ውሻ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ጅራቱን እየቆላ ይበላል። ከዚያ ይደክማል፣ ያስላል፣ ትንፋሹ ያጥርበታል፤ ደረቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። አንዱን እግሩን ቢያነክስ መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ጉንፋን ነው ይላል፣ ልጆች መትተውት ይሆናል ይላል። ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን ይዩ፤ ሮዝ መሆን የነበረበት ነጣ ካለ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ሕክምናው ቫይታሚን ኬ1 ነው። «ኬ3» ተብሎ የሚሸጠው አይተካውም። እንክብሉ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሰጥ በደንብ ይመጠጣል። እንደ ብሮዲፋኮም ላሉት ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ውሻው በሦስተኛው ቀን ተነስቶ መጮህ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ «ዳነ፣ ብር ለምን አወጣለሁ» ብሎ ማቋረጥ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ጉበቱ ላይ ያለው መርዝ ገና ስላልለቀቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ይደማል። ሐኪሙ ሕክምናውን ካቆመ ከ48 ሰዓት በኋላ ደሙ እንደገና ይመርመር።

ለድመት ልዩ ትኩረት ይስጡ፤ ምክንያቱም ሥራዋ ራሱ አይጥ መብላት ነው። ድመት ያለበት ግቢ ውስጥ መርዝ ማኖር አይጥ አዳኙን መግደል ማለት ነው፤ ከዚያ የቀሩት አይጦች ጠላት አጥተው ይራባሉ። አንዲት አይጥ ካረገዘች በሦስት ሳምንት ትወልዳለች።

ያለ መርዝ እንዴት ይጀመራል

መርዝ ከመግዛትዎ በፊት አንድ እስክሪብቶ ይዘው በቤቱ ዙሪያ ይዙሩ። እስክሪብቶው የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ትንሿን የቤት አይጥ ያስገባታል፤ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል። ትልቋ አይጥ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ትፈልጋለች። በሮች ሥር፣ የቧንቧና የመብራት ሽቦ መግቢያ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበት፣ የቆርቆሮው ጠርዝ፤ በብዛት የሚገቡት በእነዚህ ነው። ጨርቅና ማዳበሪያ ከረጢት ይቀረጥፋሉና አይወትፉበት። የብረት ሽቦ የዕቃ መፋቂያ ጎትተው ከወተፉበት በኋላ በሲሚንቶ ይሸፍኑት። ጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃውን ብቻ መምረግ አይበቃም፤ ወፍራም የሽቦ ወንፊት ከሥሩ ይግባበት።

እህሉን ከጆንያ ወደ ክዳን ያለው ቆርቆሮ በርሜል ወይም ጠንካራ ጀሪካን ያዛውሩ። የተረፈ እንጀራና የውሻ ምግብ ማታ ሜዳ ላይ አያድር። ይህን ሳያደርጉ ወጥመድ መዘርጋት ከንቱ ነው፤ ጆንያ ሙሉ ጤፍ ያገኘች አይጥ ለትንሽ የለውዝ ቅቤ ራሷን አታጋልጥም።

ከዚያ ወጥመዱ። አይጥ በሜዳ መሐል አትሄድም፣ ግድግዳ ታካ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ወጥመዱን ከግድግዳው ጋር መስቀለኛ አድርገው፣ መብሉ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ ያኑሩት። አንድ ወጥመድ አይበቃም፤ ለትንሿ አይጥ በየ2 ወይም 3 ሜትሩ ያስቀምጡ። ትልቋ አይጥ አዲስ ዕቃ ትፈራለች። ለእሷ ወጥመዱን ሳይወጥሩት መብሉን ብቻ አድርገው ሦስት አራት ቀን ይተዉት፤ ለምዳ መብላት ስትጀምር ይወጥሩት። ልጅ ያለበት ቤት ወጥመዱን እጅ በማይገባበት ሳጥን ውስጥ ያድርጉት። ሙጫ አልመክርም፤ እንስሳዋን ለሰዓታት ያሠቃያል፣ እንሽላሊትና ወፍም ይይዛል።

መርዝ የግድ ከሆነ፣ መርዙም ካለ

ጎተራው ተወርሮ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ መብሉ ክፍት ሳህን ላይ፣ ዳቦ ላይ ወይም የሰው ምግብ በሚመስል ነገር ላይ አይቀመጥ። አይጥ ብቻ የምታልፍበት ቀዳዳ ያለውና ቁልፍ ያለው፣ ወለሉ ላይ የተቸነከረ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ቁራሾቹን ሲያስቀምጡ ቆጥረው ይጻፉ፣ በየቀኑ ይቁጠሯቸው። ከሳጥኑ አንድ ቁራሽ ከጠፋ ያልተጠበቀ እንስሳ ወይም ልጅ ወስዶት እንደሆነ የሚያውቁት በዚህ ብቻ ነው። መብላት ሲቆም ወዲያው ያንሱት፤ «ለሌላ ጊዜ» ብለው ዓመቱን ሙሉ አይተዉት፤ ከሁሉም በላይ የጉጉት ጠንቅ ያ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጠው ነው።

የተረፈውን መርዝ በሃይላንድ፣ በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በቡና ጣሳ አያስቀምጡ። በመጀመሪያ ማሸጊያው፣ ደረቅና የተቆለፈ ቦታ ይሁን። ዚንክ ፎስፋይድ እርጥበት ሲነካው ጋዝ ያወጣልና መጸዳጃ ቤት ወይም ቦይ ውስጥ አይደፋም፣ አይቃጠልም።

ሬሳ ፍለጋው የመርዙ ሥራ ግማሽ ነው፤ ይህን ግማሽ የሚሠራ ሰው ግን እምብዛም አላየሁም። መብሉ ከተቀመጠ ጀምሮ መብሉ ከተነሳም በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ግቢውን፣ ከማገዶው ክምር ሥር፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብና ከአጥሩ ሥር ይዩ። ጓንት ወይም እጅዎ ላይ የተጠለፈ ፌስታል ይጠቀሙ፤ ሬሳውን በድርብ ፌስታል ቋጥረው ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩት ወይም ክዳኑ በሚዘጋ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይጣሉት። በቀን እየተንገዳገደች የምትሄድ አይጥ ካዩ ልጆቹንና ውሻውን ያስገቡ፤ እሷም በቅርቡ የምትሞት ናትና አይኖችዎ ይከተሏት።

ጉጉቷን በተመለከተ አንድ ነገር። ሌሊት በጣራው ላይ ብትጮህ ክፉ ወሬ አመጣች ብለው በድንጋይ የሚያባርሯት ብዙ ናቸው። እስራኤል ውስጥ ግን በቤት ሼአን ሸለቆ የስዴ ኤልያሁ ኪቡትስ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በማሳቸው ላይ የጣውላ ቤት ሠርተው የጎተራ ጉጉትን ይጋብዛሉ፤ አንድ ጥንድ በዓመት ከ2000 እስከ 6000 አይጥ እንደሚበላ ይነገራል። ያችው የጎተራ ጉጉት እኛም አገር በአሮጌ ሕንፃና በቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር ትኖራለች።

እርስዎ ጋ መኖሯን ማወቅ ከፈለጉ ከጣራው ጫፍ ወይም ከትልቅ ዛፍ ሥር አውራ ጣት የሚያህል፣ ግራጫ፣ ፀጉር የተጠቀለለ የሚመስል ድቡልቡል ነገር ይፈልጉ። ኩስ አይደለም፤ ጉጉቷ መፍጨት ያቃታትን አውጥታ የጣለችው ነው። በእንጨት ፈርፈር ሲያደርጉት ትንንሽ የአይጥ የራስ ቅልና ነጫጭ አጥንት ያገኛሉ። እንዲህ ያለ ድቡልቡል ያገኙበት ግቢ ውስጥ ቁራሹን አያስቀምጡ፤ አስቀምጠውም ከሆነ ዛሬውኑ ያንሱት።